የኢያሪኮውን ዐይነ ስውር በሦስቱ ወንጌላት ስናነጻጽር የምንሠራቸው ስህተቶች

ወጣቶችን ወንጌል ማስጠናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ማቴዎስን፣ ማርቆስንና ሉቃስን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብን ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ከኢያሪኮ ነው። ታሪኩ አጭር ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ልዩነቶቹም ግልጽ ናቸው። ማቴዎስ 20፥29-34፣ ማርቆስ 10፥46-52፣ ሉቃስ 18፥35-43። ሦስቱም በገጽ ሩብ የሚያልቁ ናቸው። ግን በየጊዜው የሚመጣው አዲስ ቡድን እዚያው ቦታ ላይ ይሰናከላል።

የመጀመሪያውን ስህተት ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ እሱ ስለሆነ ነው። ሦስቱን ታሪክ ጨፍልቆ አንድ አራተኛ ታሪክ መሥራት ነው።

እንዲህ ይሆናል። "ታሪኩን በራስህ ቃል ንገረን" እላለሁ። ልጁ ይጀምራል፦ "በርጤሜዎስ የሚባል ዐይነ ስውር በኢያሪኮ መንገድ ዳር ይለምን ነበር። ሕዝቡ ሲያልፍ ሰምቶ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። የናዝሬቱ ኢየሱስ ነው አሉት። የዳዊት ልጅ ሆይ ማረኝ ብሎ ጮኸ። ልብሱን ጥሎ መጣ። ጌታም አዘነለት፣ ዐይኑን ዳሰሰው፣ እምነትህ አድኖሃል አለው። እርሱም እግዚአብሔርን እያመሰገነ ተከተለው።" አሳምሮ ይናገራል። ግን ይህንን ታሪክ ከወንጌላውያን አንዱም አልጻፈውም። ስሙና ልብሱ የማርቆስ ናቸው። ምንድን ነው ብሎ መጠየቁና ማመስገኑ የሉቃስ ነው። ማዘኑና ዐይን መዳሰሱ የማቴዎስ ነው፤ ማቴዎስ ደግሞ የሚናገረው ስለ ሁለት ሰዎች ነው፤ "እምነትህ አድኖሃል" የሚለውም በዚህ ቦታ እርሱ ዘንድ የለም።

እኔም ሠርቼዋለሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ጊዜ ስለ በርጤሜዎስ እምነት ሰፋ አድርጌ ተናገርኩ፤ የትምህርቴ መደምደሚያ "ጌታ ዐይኑን ሲዳስሰው" የሚል ነበር። ሲያልቅ አንዲት እናት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው መጡ። "ልጄ፣ ማርቆስ ላይ መዳሰሱን አጣሁት፤ የት ጋ ነው?" አሉኝ። አብረን ፈለግን። የለም። ማርቆስ ላይ ጌታ ሰውየውን የሚፈውሰው በቃል ብቻ ነው። "ሂድ፣ እምነትህ አድኖሃል" ይለዋል፣ ያኔውኑ ያያል። ትምህርቴ የቆመው ማርቆስ ባልጻፈው ነገር ላይ ነበር። ቤት ገብቼ ሦስቱንም በእጄ ገለበጥኳቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳልገለብጥ አላስተምርም።

ማዋሐድ አዲስ ነገር አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን ታቲያን አራቱን ወንጌላት አገጣጥሞ አንድ ወጥ ትረካ አዘጋጅቶ ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የቂሳርያው አውሳብዮስ ሌላ መንገድ ያዘ። ወንጌላቱን ሳይነካ ክፍሎቻቸውን በቁጥር ለይቶ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል የሚያሳዩ አሥር ሰንጠረዦች አዘጋጀ። አንዱ ሰንጠረዥ ሦስቱ ብቻ፣ ማለትም ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ፣ የሚጋሩትን ይዘረዝራል። ዓድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታዊ የግዕዝ ወንጌሎች መግቢያ ላይ በቀለም ባጌጡ ቅስቶች ሥር የተደረደሩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ ወንጌል በራሱ ቃል ይቆያል፤ አንባቢው ግን ጎረቤቱን የት እንደሚያገኝ ያውቃል። የምንሠራውም ይህንኑ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወረቀቱን በቁመት ሳይሆን በወርድ ያዙ። ሦስት ዓምድ አስምሩ። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ድርጊት ብቻ ጻፉ፦ የት ነበሩ፣ ማን ተቀምጦ ነበር፣ ምን ሰማ፣ ምን ብሎ ጮኸ፣ ሕዝቡ ምን አደረገ፣ ጌታ ምን አደረገ። አንዱ ወንጌል ያንን ድርጊት ካልተናገረ ሳጥኑን ባዶ ተዉት። ከባድ የሚሆነው ይህ ባዶ ሳጥን ነው። ለምሳሌ ማርቆስና ሉቃስ ሰውየው ይለምን ነበር ይላሉ። ማቴዎስ ሁለቱ ሰዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር ብቻ ነው የሚለው። ስንቱ ነው ሳያስበው በማቴዎስ ዓምድ "እየለመኑ" ብሎ የሚሞላው! ቀርባችሁ ስታነቡ ግን ቃሉ እዚያ የለም።

በቃል የምታውቁትን አትጻፉ። መጽሐፉን ከፍታችሁ እያያችሁ ገልብጡ። የሦስቱም ትርጉም ከአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ይሁን፤ ማቴዎስን ከአሮጌው፣ ሉቃስን ከአዲሱ ትርጉም ከወሰዳችሁ የምታገኙት የተርጓሚዎችን ልዩነት ነው።

ሌላው፣ የሚመስለውን ሁሉ አንድ ዓምድ ውስጥ መክተት ነው። ማቴዎስ 9፥27-31 ላይም ሁለት ዐይነ ስውራን አሉ፤ እነርሱም "የዳዊት ልጅ ሆይ" ይላሉ፣ ጌታም ዐይናቸውን ይዳስሳል። ስለዚህ አንዳንዱ ከኢያሪኮው ጋር ይቀላቅለዋል። ግን ያኛው የሚፈጸመው ቤት ውስጥ ነው፣ ኢያሪኮም አልተጠቀሰም፣ ማንም እንዳያውቅ ብሎ በጥብቅ ያዛቸዋል። ማቴዎስ ራሱ ሁለቱንም በየቦታቸው ስለጻፋቸው ለየብቻ ያዟቸው። በነገራችን ላይ ማቴዎስ ላይ "ሁለት" የሚለው ሌላ ቦታም ይመጣል። 8፥28 ላይ አጋንንት ያደሩባቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ ማርቆስና ሉቃስ ስለ አንድ ይናገራሉ። ይህንን በሕዳግ መዝግቡት። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን አትቸኩሉ።

ወደ ችኮላው ልምጣ። ተማሪው ልዩነት ባገኘ በደቂቃ ውስጥ ምክንያት ይሰጣል። "ሉቃስ ስሙን አወጣው።" "ማርቆስ ልብሱን ጨመረበት።" ቆይ! "አወጣ" እና "ጨመረ" የሚሉት ቃላት ማን ከማን እንደወሰደ ታውቃላችሁ ማለት ናቸው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ማርቆስ ቀድሞ ተጽፏል፣ ማቴዎስና ሉቃስም ተጠቅመውበታል ይላሉ፤ የተለየ ሐሳብ ያላቸውም አሉ። ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የሚመለሰውም ከብዙ ክፍሎች ተሰብስቦ እንጂ ከአንድ ልብስ አይደለም። ሰንጠረዡ ላይ "ማርቆስ ላይ አለ፣ ሉቃስ ላይ የለም" ብቻ በሉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሉቃስ ላይ የናዝሬቱ ኢየሱስ "ያልፋል" ብለው ይነግሩታል። ማቴዎስ ላይም ዐይነ ስውራኑ ኢየሱስ እንደሚያልፍ ይሰማሉ። ማርቆስ ላይ የሚሰማው ኢየሱስ መሆኑን ብቻ ነው። ይሄኔ ተማሪው "ማቴዎስና ሉቃስ ተያይተው ነው!" ይላል። በግሪኩ ግን ሁለቱ የተጠቀሙት ግሥ አንድ አይደለም፤ በአማርኛ አንድ ሆኖ የታየን በትርጉም ነው። ግሪክኛ ለማታውቁ ይህ ማለት ሥራውን ተዉት ማለት አይደለም። በአማርኛ ቃል መመሳሰል ላይ ብቻ ትልቅ መደምደሚያ አትስቀሉበት ማለት ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ልሂድ፤ ጀማሪዎች ሁሉ የሚዘሉት ነው። ክፍሉን ብቻ ቆርጠው ይወስዳሉ፣ ግራና ቀኙን አያዩም። ማርቆስ ላይ ወደ ላይ አሥር ቁጥር ያህል ውጡ። ያዕቆብና ዮሐንስ መጥተው በክብርህ በቀኝና በግራ እንቀመጥ ይላሉ። ጌታ "ምን ላደርግላችሁ ትወዳላችሁ?" ይላቸዋል። ወዲያው ከዚያ በኋላ ለበርጤሜዎስ "ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?" ይለዋል። ያው ጥያቄ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ወንበር ጠየቁ፤ መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው ማየት ጠየቀ። ማርቆስ ሰውየው "በመንገድ" ተከተለው ብሎ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ምዕራፍ ወደ ኢየሩሳሌም መግባት ነው። ሉቃስን ደግሞ እዩት። እርሱ ዘንድ የዘብዴዎስ ልጆች ጥያቄ የለም። ከዐይነ ስውሩ ቀጥሎ የሚመጣው ዘኬዎስ ነው፤ እርሱም ኢየሱስን ሊያይ ፈልጎ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ያልቻለ ሰው ነው። ማየት የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች፣ መንገድ የሚዘጋ ሕዝብ፣ ሁለቱም ኢያሪኮ ላይ። አንድ ቀን ይህንን ሳሳይ አንዷ ተማሪ እርሳሷን አስቀምጣ ዝም አለች። ቆይታ "ይሄን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ" አለች። ይህ ከቁጥር 35 እስከ 43 ብቻ ቆርጣ ብታነብ አይታያትም ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ሁልጊዜ ክርክር የሚያስነሳው። ማቴዎስና ማርቆስ ከኢያሪኮ ሲወጡ ነው ይላሉ። ሉቃስ ወደ ኢያሪኮ ሲቀርብ ነው ይላል፤ የዘኬዎስን ታሪክ ሲጀምርም ገብቶ እያለፈ እንደነበር ይናገራል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አያለሁ። አንዱ ወገን "በቃ ይጋጫል" ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ሌላው ከየት እንደሰማው የማያውቀውን መልስ እንደ ተጻፈ ነገር ያቀርባል፦ "ሁለት ኢያሪኮ ነበሩ፤ ከአሮጌው ወጥቶ ወደ አዲሱ ሲቀርብ ነው።" እውነት ነው፣ የጥንቱ ከተማ ጉብታና የሄሮድስ ዘመን ኢያሪኮ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ግን ከሦስቱ አንዱም ሁለት ኢያሪኮ አላለም። የሂጶው አውግስጢኖስም ስለዚህ ጽፏል። ማርቆስ በስም የታወቀውን አንዱን ብቻ ጠቀሰ፤ የሉቃስ ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ተአምር ነው ብሎ አሰበ። ሌሎች፣ ሉቃስ የዘኬዎስን ታሪክ በኋላ ለማድረግ ሲል ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀመጠው ይላሉ። እኔ ወደዚህ የመጨረሻው አደላለሁ፤ ምክንያቴም አሁን የነገርኳችሁ የሁለቱ ታሪኮች መያያዝ ነው።

ግን ይህን ሐሳቤን ዓምዱ ውስጥ አልጽፈውም። ከታች፣ በሌላ ቀለም እጽፈዋለሁ። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ማቴዎስ፣ ሲወጡ። ማርቆስ፣ ሲወጣ። ሉቃስ፣ ሲቀርብ።