የተጠመዘዘ ዘንግ ሲለቀቅ ውስጡ የሚቀረውን ስትረስ እንዴት እናሰላለን?

የአንድ ክብ ዘንግ አንዱን ጫፍ አጥብቀን ይዘን ሌላውን እንጠምዝዝ። በልኩ ከጠመዘዝነው ስንለቀው ወደነበረበት ይመለሳል። ከልክ ካሳለፍነው ግን ትንሽ ተጠምዝዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጠው፣ ማንም ሳይነካው፣ ውስጡ አያርፍም። የውጩ ንብርብርና የመሃሉ ብረት በተቃራኒ አቅጣጫ እየታገሉ ይቆያሉ። ይህ ትግል ቀሪ ስትረስ ይባላል። መጠኑን ለማወቅ የሚያስፈልገን መደመርና መቀነስ የሚበዛበት ሂሳብ ነው።

አንድ ዘንግ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ድፍን ነው፤ ራዲየሱ 20 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር። ብረቱ በሸር፣ ማለትም ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ሊንሸራተቱ ሲገፉ፣ እጅ የሚሰጠው 150 ሜጋፓስካል ላይ ነው፤ እጅ መስጠት ስንል ሲለቀቅ ወደነበረበት የማይመለስ ቅርጽ መያዝ መጀመሩ ነው። ለጠመዛ ያለውን ግትርነት የሚለካው የሸር ሞዱለሱ 80,000 ሜጋፓስካል ነው። በእጃችን ያለው ብረቱ ሲጎተት እጅ የሚሰጥበት ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ለ1.73 ስናካፍለው የሸሩን እናገኛለን። ለምሳሌ 260 ለ1.73 ሲካፈል 150 ገደማ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ብረቱ እጅ መስጠት የሚጀምርበት ቶርክ

በኢላስቲክ ክልል፣ ማለትም ብረቱ ሲለቀቅ ወደነበረበት በሚመለስበት ክልል፣ ስትረሱ መሃል ላይ ዜሮ ነው። ወደ ውጭ በሄድን ቁጥር በቀጥታ መስመር ያድጋል። ስለዚህ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው የላይኛው ገጽ ነው።

```
J  = π·c⁴/2 = π·20⁴/2 = 251,327 mm⁴
Ty = τy·J/c = 150·251,327/20 ≈ 1,885,000 N·mm = 1,885 N·m
```

እዚህ ላይ c ራዲየስ ነው፤ J የክቡ ቁርጥ ገጽ ጠመዛን የሚቋቋምበት ልክ፣ τy ብረቱ በሸር እጅ የሚሰጥበት ስትረስ፣ L ርዝመት፣ G የሸር ሞዱለስ ነው። በራዲየስ ፋንታ ዲያሜትሩን ያስገባ ሰው ቶርኩን 8 እጥፍ አሳድጎ ያገኘዋል። በዚህ ሰዓት ዘንጉ 5.37 ዲግሪ ዞሯል፤ `φy = τy·L/(G·c)` ያንን ይሰጠናል።

ደረጃ 2፦ ጣሪያው

ጠመዛውን ስንቀጥል የውጩ ገጽ ከ150 በላይ መሸከም አይችልም። መበጠስም አይበጠስም፤ 150ውን እንደያዘ ይፈሳል። ተጨማሪውን ጭነት ከሱ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ያለው ብረት ይረከባል። እንዲህ እየተረካከበ እጅ የመስጠቱ ድንበር ወደ መሃል ይገሰግሳል። ድንበሩ መሃል ቢደርስና ሁሉም ቦታ 150 ቢሆን፣ ሙሉ ፕላስቲክ የሚባለው ቶርክ ላይ ደረስን ማለት ነው።

```
Tp = (2π/3)·τy·c³ = (4/3)·Ty ≈ 2,513 N·m
```

አንድ ሦስተኛ ጭማሪ ነው። ይህ ሬሾ ለማንኛውም ድፍን ክብ ዘንግ ያው ነው፤ ቀጭንም ይሁን ወፍራም ለውጥ የለውም። በተግባር ግን ጣሪያው ላይ በትክክል አይደረስም። የመሃሉ መስመር ምንጊዜም አይዛባም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሽ ኢላስቲክ እምብርት ይተርፋል።

ደረጃ 3፦ የት ድረስ ጠመዘዝን?

በእኛ ዘንግ እምብርቱ 10 ሚሊሜትር ራዲየስ እስኪቀረው ጠመዘዝነው እንበል። ቶርኩን ለሁለት ከፍሎ ማስላት ከሁሉም ይቀላል፤ እምብርቱን ለብቻ፣ የፈሰሰውን ቀለበት ለብቻ።

```
እምብርቱ: (π/2)·150·10³          ≈   236 N·m
ቀለበቱ:  (2π/3)·150·(20³ − 10³) ≈ 2,199 N·m
ድምር:   T                       ≈ 2,435 N·m
```

ይህን ውጤት ቆም ብሎ ማየት ደስ ይላል። ከራዲየሱ ግማሹ ገና ኢላስቲክ ነው፤ ቶርኩ ግን ከጣሪያው 97 በመቶ ደርሷል። ምክንያቱ ውጭ ያለው ብረት ስፋቱም ከመሃል ያለው ርቀቱም ትልቅ መሆኑ ነው። መሃሉ ለቶርክ የሚያዋጣው እምብዛም ነው። የዙረቱ ማዕዘን በበኩሉ እጥፍ ሆኗል፤ 10.74 ዲግሪ።

ደረጃ 4፦ መልቀቅ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቶርኩ ዜሮ ሲሆን ስትረሱም ዜሮ የሚሆን ይመስላል። ብረት ግን ሲለቀቅ የሚመለሰው በኢላስቲክ መንገድ ነው፤ የፈሰሰው ክፍልም ጭምር። ስለዚህ መልቀቅን እንደ አዲስ ጭነት እንቁጠረው፦ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጫነ፣ መጠኑ 2,435 የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ኢላስቲክ ቶርክ። ይህ ምናባዊ ጭነት ገጹ ላይ `T·c/J` = 193.75 ሜጋፓስካል ይሰጣል። ከ150 በለጠ ብለን አንደንግጥ። ገጹ ከ+150 ተነስቶ ነው የሚወርደው፤ ለውጡ ከ300 እስካላለፈ ድረስ በተቃራኒው እጅ አይሰጥም።

አሁን መቀነስ ብቻ ነው የቀረን።

```
r = 20 mm: 150 − 193.75 = −43.75 MPa
r = 10 mm: 150 − 96.88  = +53.12 MPa
r = 0:       0 − 0      =   0
```

በ10 እና በ20 መካከል መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጠው 15.5 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ብረት በመጀመሪያው አቅጣጫ፣ ወደ ውጭ ያለው በተቃራኒው ተወጥሯል። ትልቁ ቀሪ ስትረስ ገጹ ላይ አለመሆኑን ልብ እንበል፤ ያለው ከውስጥ፣ እምብርቱ ጠርዝ ላይ ነው።

ማዕዘኑም በዚሁ መንገድ ይገኛል። ሲለቀቅ የሚመለሰው `T·L/(G·J)` = 6.94 ዲግሪ ነው። ከ10.74 ስንቀንሰው 3.8 ዲግሪ ይቀራል። ከመጠምዘዛችን በፊት በዘንጉ ርዝመት ቀጥ ያለ መስመር ጭረን ከነበረ፣ ከተለቀቀ በኋላ ጫፉ ላይ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ዞሮ እናገኘዋለን። ዘንጉ ከልክ አልፎ መጠምዘዙን ያለ ምንም መሣሪያ የምናውቀው በዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ሂሳቡን መፈተሽ

ውጭ የያዘው ነገር ስለሌለ የቀሪው ስትረስ አጠቃላይ ቶርክ ዜሮ መሆን አለበት። በእኛ ዘንግ ከ15.5 ወደ ውስጥ ያለው ክፍል +213 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ውጩ ደግሞ −213። ተጣፉ። ካልተጣፉ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምልክት ነው፤ ወይም በደረጃ 4 ላይ በ2,435 ፋንታ 1,885ን ተጠቅመናል።

ይህ ዘንግ ከእንግዲህ ምን ይችላል?

በዚያው አቅጣጫ እንደገና ብንጠመዝዘው እስከ 2,435 ድረስ ሳይፈስ ይሸከማል። መጀመሪያ የሚችለው 1,885 ነበር፤ ስለዚህ ጠንክሯል ማለት ይቻላል። በተቃራኒው አቅጣጫ ግን ገጹ ቀድሞውኑ −43.75 ላይ ነው። እስከ −150 የቀረው 106.25 ብቻ ነው። ያ ደግሞ 1,335 ኒውተን ሜትር ላይ ያልቃል። በአንድ በኩል ያተረፍነውን በሌላ በኩል ከፍለናል።

የመኪና ቶርሽን ባር ሠሪዎች ይህንን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ባሩን መኪናው ላይ በሚጫንበት አቅጣጫ አስቀድመው ከልክ በላይ ይጠመዝዙታል። የግራና የቀኝ ምልክት ያለው ባር ቦታው መለዋወጥ የሌለበትም ለዚህ ነው።

ሂሳባችን ብረቱ አንዴ ከፈሰሰ በኋላ እንደማይጠነክር አድርጎ ወስዷል። ለለስላሳ ብረት ይህ ጥሩ ግምት ነው፤ እየፈሰሰ ለሚጠነክር ብረት ግን እውነተኛው ቶርክ ከ2,513 ሊያልፍ ይችላል። የቁልፍ ቦይ ያለበት ዘንግ ላይም ይህን ቀመር እንዳለ መጠቀም አይቻልም፤ ቦዩ ጥግ ላይ ስትረሱ ይከማቻልና። በተቃራኒው አቅጣጫ ያገኘነው 1,335ም ቢሆን የላይኛው ወሰን ተደርጎ ይወሰድ። አንዴ በአንድ አቅጣጫ የፈሰሰ እውነተኛ ብረት በሌላው አቅጣጫ ከ150 በታች እጅ ይሰጣል።