ማትሪክሱ 98% ይላል፣ ካርታው ቡናውን ደን ብሎታል፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ዙሪያ በጉግል ኧርዝ ኢንጂን የላንድ ከቨር፣ ማለትም የመሬት ሽፋን፣ ካርታ የሚሰሩ ልጆች ደጋግመው ይዘውት የሚመጡት ችግር ይሄ ነው። ሴንቲኔል-2 ምስል፣ ራንደም ፎረስት፣ አጠቃላይ አኩሬሲ 98%፣ ሁሉ ነገር ያምራል። ካርታውን ይዛችሁ ጎማ ወይ ጌራ ወረዳ ስትወርዱ ግን "ደን" ያላችሁት ቦታ ላይ ገበሬው ከነቤተሰቡ ቡና እየለቀመ ታገኙታላችሁ።

ቀላሉን ላስቀድም። ኮንፊውዥን ማትሪክሱን፣ ማለትም የትኛው ክላስ ከየትኛው ጋር እንደተምታታ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ በ`classifier.confusionMatrix()` ካወጣችሁት የተለካው በራሱ መማሪያ ዳታ ነው፣ ቁጥሩን ጣሉት። የክረምት ምስል ከሆነ ደግሞ ደመናው አያሰራችሁም፣ ከታህሳስ እስከ የካቲት ያለውን ውሰዱ።

ዋናው ጣጣ ያለው ዳታው አከፋፈል ላይ ነው። ፖሊጎን ትስላላችሁ፣ ፒክስሎቹን በሙሉ ታወጣላችሁ፣ ከዛ 70/30 በራንደም ትከፍላላችሁ። አንድ ማሳ ውስጥ ያሉ ጎረቤት ፒክስሎች ደግሞ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ አንዱ ለመማሪያ የጎኑ ለመፈተኛ ሲሄድ ሞዴሉ ቀድሞ መልሱን ባየው ጥያቄ ነው የሚፈተነው። የራንደም ፎረስቱን የዛፍ ቁጥር ከ100 ወደ 500 ብታሳድጉት ምንም አይፈይድም፣ ሞዴሉ ራሱ የሚያሰላው የአውት-ኦፍ-ባግ ስህተትም በዚሁ ምክንያት ያታልላል። መፍትሄው ፒክስል ከማውጣታችሁ በፊት ፖሊጎኑን መክፈል ነው፦

```
var p = polys.randomColumn('r', 7);
var tr = p.filter(ee.Filter.lt('r', 0.7));
var te = p.filter(ee.Filter.gte('r', 0.7));
```

ከዛ `sampleRegions` ለየብቻ። አኩሬሲው ዝቅ ካለ በሽታው ይሄ ነበር፣ አትደንግጡ፣ አዲሱ ቁጥር ነው ወደ እውነቱ የሚቀርበው። አንድ ልጅ ግን እንዲህ ከፍሎም ቁጥሩ አልወርድ አለው፣ ዳታውን ስናየው የቡና ፖሊጎኖቹ በሙሉ አንድ መንገድ ዳር ተደርድረዋል! እባካችሁ ከመኪና ውረዱና ወደ ውስጥ ግቡ። የተጠጋጉ ፖሊጎኖችንም በቀበሌ ሰብስባችሁ አንድ ላይ ክፈሉ።

አጠቃላይ አኩሬሲ ብቻ አታንብቡ። ለምሳሌ 300 መፈተኛ ነጥብ አላችሁ እንበል። ከ200 እርሻ 196ቱ ልክ ነው፣ 4ቱ ቡና ተብሏል። ከ50 ደን 42ቱ ልክ ነው፣ 8ቱ ቡና ተብሏል። ከ50 ቡና ልክ የሆነው 28 ብቻ ነው፣ 20ው ደን፣ 2ቱ እርሻ ተብሏል። አጠቃላዩ 266/300፣ ማለትም 88.7%፣ ያኮራል። የቡናው ፕሮዲውሰርስ አኩሬሲ ግን 28/50 ነው፣ 56%፣ ግማሽ የሚሆነው ቡና ከካርታው ጠፍቷል። ካርታው ቡና ካለው 40 ነጥብ ደግሞ እውነት ቡና የሆነው 28 ነው፣ ዩዘርስ አኩሬሲው 70%። እርሻው ስለበዛና ቀላል ስለሆነ ነው ቁጥሩን የሰቀለው።

ቡናና ደን ለምን ይምታታሉ? ሳተላይቱ የሚያየው ከላይ ያለውን የዋንዛና የሰሳ ቅጠል እንጂ ስሩ ያለውን ቡና አይደለም። ስለዚህ ቢሮ ቁጭ ብሎ ጉግል ኧርዝ ላይ በአይን "ይሄ ደን ነው" ማለት ስህተቱን ከመነሻው መዝራት ነው፣ ነጥቡን ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ውሰዱ። ዛፍ ስር ጂፒኤስ ሜትሮች ስለሚስት የ10 ሜትር ፒክስል ጠርዝ ላይ አትቁሙ፣ ማሳው መሀል ግቡ። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ካልተለያዩ ሁለቱን "ዛፍ የሸፈነው መሬት" ብላችሁ አንድ ክላስ አድርጉና ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉት።