ባዶ «12:00» መርሐ ግብር ላይ አይጻፉ

አዳማ ውስጥ ለስብሰባ የሚታደል መርሐ ግብር ላይ «ምሳ 12:00» ይልና ዝቅ ብሎ «መኪና መነሻ 12:00» ይላል። ምሳውን የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ መነሻውን ያስጻፈው ሹፌር በእኛ። አገራችን ውስጥ ባዶ 12:00 ከአራት የተለያዩ ሰዓቶች አንዱ ሊሆን ይችላል፦ ከንጋቱ 12፣ ከቀኑ 6፣ ከምሽቱ 12፣ ከሌሊቱ 6። አንባቢው ከአራቱ አንዱን እንዲገምት አይተዉት። የሚከተሉትን ስሕተቶች ያስወግዱ።

AM እና PM ይበቃል ማለት። AM ከቀትር በፊት፣ PM ከቀትር በኋላ ማለት ነው። ቀትር ራሱ በፊትም በኋላም አይደለም፤ በልማድ ግን 12:00 PM እኩለ ቀን፣ 12:00 AM እኩለ ሌሊት ተብሏል። ሰው የሚሳሳተው ፊደሉ 12 ላይ ሲቀየር ቁጥሩ ግን እንደገና የሚጀምረው 1 ላይ ስለሆነ ነው። ከ11:59 PM ቀጥሎ 12:00 AM ይመጣል፣ ያውም የነገ ቀን ሆኖ።

የሌሊቱን ቀን መሳት። ገንዘብ የሚያስከፍለው ይሄኛው ነው! ትኬቱ «ማክሰኞ 12:30 AM» ቢል በረራው ሰኞ ማታ እራት ከተበላ በኋላ የሚመጣው ሌሊት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው አንድ ሙሉ ቀን አርፍዷል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 12:30 AM በእኛ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመድረስ ሰኞ ከምሽቱ 3:30 ቦሌ መገኘት ያስፈልጋል። ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ለመሄድና የከተማውን መጨናነቅ ለማለፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢያዝ፣ መነሻው ሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ተጓዡ የሚሰጠው ወረቀት ላይ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 (00:30)» ተብሎ ይጻፍለት። «አጥቢያ» የምትለው ቃላችን ሁለቱንም ቀን በአንድ ላይ ትይዛለች፤ ፈረንጆቹ ይህን ለማስረዳት ዓረፍተ ነገር ይፈልጋሉ።

የማመልከቻ ማብቂያን «ዓርብ እኩለ ሌሊት» ማለት። ዓርብ የሚጀምርበት ነው የሚያልቅበት? «ዓርብ ከሌሊቱ 5:59 (23:59)» ይበሉ፣ አንድ ደቂቃ ቢቀንስ ማንም አይጎዳም።

ሁለቱን አቆጣጠር ያለ ምልክት መቀላቀል። የእኛን ዋና አድርገው የፈረንጁን በቅንፍ ያስገቡ፦ «ምሳ፦ ከቀኑ 6 ሰዓት (12:00)»፣ «መነሻ፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት (18:00)»። በቅንፍ ያለው ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁን፤ እዚያ እኩለ ሌሊት 00:00፣ እኩለ ቀን 12:00 ስለሆነ የሚምታታ ነገር የለም። ይህን ከገጹ አናት ላይ በአንድ መስመር ይግለጹ።

ሠንጠረዡን ኤክሴል ላይ የሚያዘጋጁ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ እኩለ ሌሊትን አስበው 12:00 ብቻ ከጻፉ ኤክሴል እኩለ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። 0:00 ብለው ይጻፉ።