መብረቅ ከመታ በኋላ ራውተር ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች፣ የሞተው የቱ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶኮፒና ጽሕፈት ቤት ያለው አንድ ወዳጄ ጠዋት ደወለ፣ ማታ ጦሳ ላይ ሲያጓራ ያደረው መብረቅ ሱቁን ኢንተርኔት አሳጥቶታል። "ወንድሜ፣ አዲስ ራውተር ገዝቼ ቀየርኩት፣ እሱም አልሠራ አለ" አለኝ። እኔ ደሞ አብሽር መጣሁ ብዬ ሄድኩ። ራውተሩ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው፣ ከዛ 35 ሜትር የሚሆን ኬብል በቆርቆሮው ላይ ግቢውን አቋርጦ ሱቁ ውስጥ ካለች ባለ 5 ፖርት ስዊች ጋር ይገናኛል፣ ኮምፒውተሮቹ የሚሰኩት ስዊቿ ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ኬብል ላይ ነው።

አንደኛው ስህተት፣ ኢንተርኔት ጠፋ ማለት ራውተሩ ሞተ ማለት ነው ብሎ መደምደም

አሮጌው ራውተር መብራቱ በርቷል፣ ስልኬ በዋይፋይ ገባ፣ ኢንተርኔትም አለ። ስለዚህ አዳፕተሩም ዋናው ቺፕም የሚገባው መስመርም ደህና ናቸው፣ ይሄን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥዬ ላፕቶፔን አንድ ሜትር በምትሆን፣ ደህና መሆኗን በማውቃት ኬብል አራቱም የላን ፖርት ላይ በየተራ ሰካሁ። 1፣ 3 እና 4 መብራታቸው በራ፣ 2 ግን ጨለማ። ያ ረጅም ኬብል ተሰክቶበት የነበረው 2 ላይ ነው። ማለትም ራውተሩ አልሞተም፣ ከአራት በሩ አንዱ ነው የተዘጋው።

ሁሉም የላን ፖርቶች አንድ ላይ ከጨለሙና ዋይፋዩ ብቻ ከሠራ ግን የሞተው ሶኬቱ ሳይሆን ፖርቶቹን በሙሉ የሚያስተዳድረው የስዊች ቺፕ ነው፣ ሳጥኑ ከወትሮው በላይ ሲሞቅና በየጊዜው ራሱን ሲያጠፋና ሲያበራ ካያችሁ ደሞ ውስጥ ሾርት ያደረገ ነገር አለ ማለት ነውና ነቅላችሁ ተዉት። የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባበት ዋን ፖርት ብቻ ከሞተ፣ አንዳንድ ራውተር ሴቲንጉ ውስጥ አንዱን ላን እንደ ዋን እንድትጠቀሙበት ይፈቅዳል፣ ከመጣላችሁ በፊት እሱን እዩ።

ሁለተኛው፣ ማዶ ያለውን ጫፍ መርሳት

የወዳጄ ገንዘብ የባከነው እዚህ ጋ ነው። ኬብሉን ወደ ደህናው ፖርት 3 ባዛውረውም መብራት የለም። ሱቅ ሄጄ ስዊቿን አየሁ፣ ፓወሯ በርቷል፣ ኮምፒውተሮቹ የተሰኩባቸው 2፣ 3 እና 4 በርተዋል፣ ከቤት የሚመጣው ኬብል የተሰካባት 5 ግን ጨለማ። ከ5 ነቅዬ ባዶ ወደነበረችው 1 ሳዛውረው ሁለቱም ጫፍ ላይ መብራቱ መጣ፣ ከአንዷ በቀር ኮምፒውተሮቹም ኢንተርኔት አገኙ። መብረቁ የገደለው የኬብሉን ሁለት ጫፎች ነበር። አዲሱ ራውተር እንከን አልነበረውም፣ ማዶው ስለሞተ ብቻ የሚያናግረው አጥቶ ጨልሟል፣ ሰውየው ደሞ አዲሱም ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ነበር።

ለምን ሁለቱ ጫፎች? ብዙ ሰው መብረቅ የግድ ቤቱን ሲመታ ብቻ ነው የሚጎዳው ብሎ ያስባል፣ ግን ራቅ ብሎ ቢወድቅም ውጪ የተዘረጋ ረጅም መዳብ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። እያንዳንዱ ፖርት ኋላ ላይ ትንሽ ትራንስፎርመር አለች፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 1500 ቮልት እንድትችል ተደርጋ ነው የምትሠራው፣ ከዛ ሲያልፍ ወይ እሷ ትቃጠላለች ወይ አልፏት ቺፑን ይመታል። ውጪ ያልወጣ ሁለት ሜትር ኬብል ግን ብዙም አይሰበስብም፣ ለዚህ ነው የሱቁ ውስጥ ኬብሎች የተሰኩባቸው ፖርቶች የተረፉት።

ስለዚህ ስትፈትሹ በተጠረጠረ ኬብል የተጠረጠረ ፖርት ከተጠረጠረ ኮምፒውተር ጋር አታገናኙ፣ መልስ አይሰጣችሁም። ሁሌ አንዱን ብቻ ቀይሩ፣ ሌላው ደህና መሆኑን የምታውቁት ይሁን። ኬብሉን ለብቻው በኬብል ቴስተር ፈትሹት፣ ስምንቱም መብራት በተራ መብራት አለበት።

ሦስተኛው፣ መብራት በርቷል ደህና ነው ማለት

ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከተስተካከሉ በኋላ አንዷ ብቻ፣ ስዊቿ ላይ መብራቷ በርቶም፣ እንቢ አለች። ኬብሏን ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ይሠራል፣ ስለዚህ የሞተው የሷ ላን ካርድ ነው። በዊንዶውስ PowerShell ከፍታችሁ እንዲህ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ፦

```
Get-NetAdapter
ping 192.168.1.1
```

የራውተራችሁ አድራሻ ሌላ ከሆነ ሁለተኛው መስመር ላይ እሱን ተኩበት። ኬብል ተሰክቶም Disconnected ካለ፣ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ያወራል ግን የሶኬቱ ወገን ሞቷል ማለት ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከጠፋ ቺፑ ራሱ ሄዷል። ሁለቱም ላይ መፍትሔው ያው ነው፣ ማዘርቦርድ አትቀይሩ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ላን ካርድ ይበቃል።

አስቸጋሪው በከፊል የሞተ ፖርት ነው። ጊጋቢት ለመሄድ አራቱም ጥንድ ሽቦዎች ያስፈልጋሉ፣ ለ100 ግን ሁለት ጥንድ ይበቃል፣ ስለዚህ አንዱ ጥንድ ሲቃጠል ፖርቱ ብዙ ጊዜ ወደ 100 ይወርድና "ሥራውን" ይቀጥላል። የGet-NetAdapter ዝርዝር ውስጥ LinkSpeed የሚለው ላይ ድሮ 1 Gbps የነበረው 100 Mbps ከሆነ፣ ሌላ ኬብልም ሞክራችሁ ካልተቀየረ፣ ፖርቱ ተጎድቷል። መጀመሪያውኑ 100 ብቻ የሆነ ራውተር ስላለ ግን ያንን አረጋግጡ። ሌላው ዓይነት ደሞ መብራቱ በርቶ ping ስታደርጉ ግማሹ መልስ የሚጠፋበት ነው፣ እሱ ላይ ጊዜ አትፍጁ፣ ፖርት ቀይሩ።

አዳፕተርን በተመለከተ አጭር ነገር

ምንም መብራት ከሌለ መጀመሪያ አዳፕተሩን ጠርጥሩ፣ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ቶሎ የሚሞተው እሱ ነው። የቮልት ቴስተር ስታስገቡ 12 ቮልት ማሳየቱ ብቻውን አያጸዳውም፣ የደከመ አዳፕተር ጭነት ሳይኖርበት 12 አሳይቶ ራውተሩ ሲሰካ ይወርዳል፣ ራውተሩም እየጠፋ ይበራል። ስትቀይሩ ቮልቱና ዋልታው እኩል ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ። ጫፉ ገጠመልኝ ብሎ ባለ 12 ቮልት ራውተር ላይ የ9 ቮልቱን ወይም ከዛ የበለጠ ቮልት ያለውን መሰካት አይገባም።

መጨረሻው፣ ዲቫይደሩን አጥፍቻለሁ ብሎ መተኛት

ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ወዳጄ ያን ማታ ዲቫይደሩን አጥፍቶ ነው የተኛው። መብረቁ በመብራት አልመጣማ፣ በላን ኬብሉ ነው የገባው፣ ስታብላይዘርም ብዙው ዩፒኤስም ያንን መንገድ አይዘጉም። ፋይበር ራሱ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያመጣባችሁም፣ ከፋይበሩ ሳጥን በኋላ ያለው መዳብ ግን ያመጣል። ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ሳይጀምር፣ ውጪ የሚያልፈውን ኬብል ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉ፣ ከጀመረ በኋላ ግን ኬብሉን አትንኩ፣ ዕቃው ይቅር።

ወዳጄ ጋ የግቢውን መዳብ አውጥተን በፋይበር ተካነው፣ በሁለቱም ጫፍ ፋይበሩን ወደ ላን ኬብል የሚቀይር ሚዲያ ኮንቨርተር አለ። የራውተሩ ፖርት 2 እና የስዊቿ 5 ላይ ጥቁር ቴፕ ለጥፈንባቸዋል፣ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይሰካባቸው። አዲሱን ራውተር ደሞ ለኮምቦልቻው ሱቁ ወሰደው።