የአማርኛ የዓምድ ስሞች በሼፕፋይል እንዳይቆረጡ

በጣና ዳርቻ የእምቦጭን ስርጭት ጂኦጄሰን በተባለው የካርታ መረጃ ፋይል መዝግበው ወደ ሌላው የካርታ ፋይል ዓይነት፣ ወደ ሼፕፋይል፣ ሲቀይሩ፣ «የእምቦጭ_ሽፋን» እና «የእምቦጭ_ቀን» የተባሉት ዓምዶች ሁለቱም «የእም» ላይ ተቆርጠው ሊምታቱ ይችላሉ። የሼፕፋይል የዓምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የሚተርፉት ሦስት ፊደላት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ከመቀየርዎ በፊት ዓምዶቹን `emb_cover` እና `emb_date` ብለው ይሰይሟቸው። በዓምዶቹ ውስጥ የተጻፈው አማርኛ እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ሕዋስ ጽሑፍ 254 ባይት፣ ማለትም 84 ፊደል ገደማ፣ ላይ ይቆረጣል። ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ የሚናገረውን የ`.cpg` ፋይልም አብረው ይላኩ፤ ያለ እርሱ አማርኛው ወደማይነበቡ ምልክቶች ሊለወጥ ይችላል።

መድረሻው ጂኦጄሰን ወይም ኬኤምኤል ከሆነ ስሞቹን ማሳጠር አያስፈልግም። ከኬኤምኤል ወደ ሼፕፋይል ሲሄዱ ግን በካርታው ላይ የሰጡት ቀለም ስለሚጠፋ፣ የቀለሙን ትርጉም አስቀድመው በአንድ ዓምድ ይጻፉት።