ሪፋይናንስ ሲያደርጉ ወጪው መቼ እንደሚመለስ የሚያሳስቱ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በ7 በመቶ ወለድ ቤት የገዛ ሰው 6 በመቶ ሲቀርብለት መጀመሪያ ማወቅ ያለበት፣ ለሪፋይናንስ፣ ማለትም አሮጌውን ብድር በአዲስ ብድር ለመተካት፣ የሚያወጣው ክሎዚንግ ኮስት በስንት ወር እንደሚመለስለት ነው። ስሌቱ አንድ ማካፈል ብቻ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው የሚካፈለውንና የሚያካፍለውን ቁጥር ሲመርጥ ነው።

ለምሳሌ ቀሪ ዕዳዎ 300,000 ዶላር፣ ቀሪ ጊዜው 25 ዓመት፣ ወለዱ 7 በመቶ ይሁን። ታክስና ኢንሹራንስን ሳይጨምር በየወሩ 2,120 ዶላር ይከፍላሉ። አዲሱ ብድር በ6 በመቶ ሲሆን ወጪው 6,000 ዶላር ነው።

የወር ክፍያው የቀነሰበትን መጠን እንደ ትርፍ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አበዳሪው አዲሱን ብድር እንደገና በ30 ዓመት ይሠራልዎትና ክፍያው 1,799 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 321 ዶላር ነው፤ 6,000ን ለ321 ሲያካፍሉ 19 ወር ይወጣል። ደስ የሚል ቁጥር ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ከ321 ዶላሩ ውስጥ ከወለድ የዳኑት 250 ዶላር ብቻ ነው። የቀረው 71 ዶላር ዋናው ዕዳ ቀስ ብሎ እንዲከፈል ስለተደረገ ኪስዎ የቆየ የራስዎ ዕዳ ነው።

ትክክለኛው አካፋይ የወለዱ ልዩነት ነው፦ ቀሪ ዕዳ ሲባዛ በወለድ ልዩነት፣ ሲካፈል ለ12።

```
300000 × 0.01 ÷ 12 = 250
6000 ÷ 250 = 24
```

ስለዚህ መልሱ 24 ወር ገደማ ነው። የ30 ዓመቱ ብድር ዕዳው ቶሎ ስለማይቀንስ ወደ 25 ወር ይጠጋል።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። አዲሱን ብድር በ25 ዓመት ቢወስዱት ክፍያው 1,933 ዶላር ነው፤ የቀነሰው 187 ዶላር ብቻ ስለሆነ በዚህ የሚያካፍል ሰው 32 ወር ያገኝና ጥሩ ብድር ይተዋል። በየወሩ 63 ዶላር ተጨማሪ ከዋናው ዕዳ ላይ እየተቀነሰለት መሆኑን አላየም። 187 እና 63 ሲደመሩ ያው 250 ናቸው።

እስከ መጨረሻው ከፍለው ለመጨረስ ካሰቡ ደግሞ የዓመቱ ርዝመት ከምንም በላይ ይወስናል። በአሮጌው ብድር የሚቀርዎት ክፍያ በድምሩ 636,000 ዶላር ገደማ ነው። በ6 በመቶ በ25 ዓመት ወደ 580,000 ይወርዳል፤ በ30 ዓመት ግን ወለዱ ረክሶም ወደ 647,500 ከፍ ይላል። የ30 ዓመቱን ከወሰዱም በየወሩ 1,933 ዶላር እየከፈሉ ትርፉ ለዋናው ዕዳ እንዲውል ያድርጉ፤ በ25 ዓመት ያልቃል።

በክሎዚንግ ቀን የሚከፈለውን ሁሉ እንደ ወጪ መውሰድ

አበዳሪው ማመልከቻዎን ባስገቡ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚልክልዎት ሎን ኢስቲሜት የተባለ ቅጽ አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከክፍል ኤ እስከ ሲ ያለውን ከክፍል ኢ የመንግሥት ክፍያ ጋር ይደምሩ፤ ወጪዎ ይሄ ነው። ክፍል ኤፍ እና ጂ ውስጥ ያለው የኢንሹራንስ፣ የንብረት ታክስና አበዳሪው ለእነዚሁ ክፍያዎች የሚይዘው የኤስክሮው ገንዘብ ሪፋይናንስ ባያደርጉም የሚከፍሉት ነው። በአሮጌው ኤስክሮው ያለዎት ቀሪ ገንዘብ አሮጌው ዕዳ በተዘጋ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት።

«አንድ ወር ክፍያ ይዘላሉ» የሚባለውንም ትርፍ ላይ አይደምሩ። የዚያ ወር ወለድ በአሮጌው ብድር መዝጊያና በክሎዚንግ ሂሳብ ውስጥ ተካቷል።

«ወጪ የሌለው» የሚባለውን ሳይመረምሩ መቀበል

ይህ አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው 6,000 ዶላሩ ዕዳው ላይ ተጨምሮ ብድሩ 306,000 ሲሆን ነው። ይህን ቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካለው የብድር መጠን ያውቃሉ። ያኔ የወሩ ትርፍ ከ250 ወደ 220 ዶላር ይወርድና ወጪው የሚመለሰው በ28ኛው ወር ነው።

ሁለተኛው አበዳሪው ወጪውን ራሱ ሸፍኖ ወለዱን ከፍ ሲያደርግ ነው፤ 6.5 በመቶ እንበል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 125 ዶላር ያተርፋሉ፣ የሚጠበቅ ወር የለም። ከ6 በመቶው ጋር ሲወዳደር ግን በየወሩ 125 ዶላር ያጣሉ፤ 6,000 ለ125 ሲካፈል 48 ወር ነው። ቤቱን ከ4 ዓመት በፊት የሚሸጡ ወይም እንደገና ሪፋይናንስ የሚያደርጉ ከመሰለዎት 6.5 በመቶው ይሻላል።

ያልተመለሰውን ወጪ በአዲሱ ስሌት ላይ መደመር

በ15ኛው ወር 5.25 በመቶ ቀረበልዎት እንበል። ከ6,000 ዶላሩ 2,250 ያህሉ ገና አልተመለሰም። ብዙ ሰው «የፊተኛው ሳይመለስልኝ» ብሎ ይተወዋል። ያ ገንዘብ ሪፋይናንስ ቢያደርጉም ባያደርጉም ወጥቷል። በዚያን ቀን የሚካፈለው የአዲሱ ብድር ወጪ ብቻ ነው፤ አካፋዩም በቀሪው ዕዳ ላይ በ6 እና በ5.25 በመቶ መካከል ያለው የወር ወለድ ልዩነት ነው።