ፋይበር ጨምረው ሆድዎ ከተነፋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምግብ ከተበላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆድ የሚነፋ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ፋይበር አይደለም። ፋይበር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ሰዓታት ስለሚፈጅበት፣ እንዲህ ቶሎ የሚመጣ መነፋት የለስላሳ መጠጥ ወይም በጥድፊያ የተዋጠ አየር ውጤት መሆኑ ያመዝናል።

ከምሳ በኋላ ሰዓታት ቆይቶ፣ ማምሻውን ሆድ ሲጮህና ጋዝ ሲበዛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አጃ፣ ገብስ፣ ተልባና ጥራጥሬ በውኃ የሚሟሟ ፋይበር አላቸው፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከዚህ ውስጥ ብዙውን አብላልተው ጋዝ ያወጣሉ፣ በጥራጥሬ ውስጥ ያሉ የማይፈጩ ስኳሮችም ይጨመሩበታል። የማይሟሟው፣ ለምሳሌ የስንዴ ፍሩሽካ፣ ጋዝ የሚያወጣው በጥቂቱ ነው፤ ሰገራን ያበዛል፣ ውኃ ሲያጥረው ግን የደረቀውን ሆድ ይበልጥ ይወጥረዋል።

ደጋግሜ የማየው ስህተት ሁለቱንም በአንድ ቀን መጫን ሲሆን፣ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በየዓመቱ ያጋጥመኛል። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ከነጭ ዳቦና ከእንቁላል ወደ ጾም ስትገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ትውልና፣ ከዚያ ሽሮና ምስር በአንድ ማዕድ በልታ፣ ድርቀቱ እንዲለቃት ብላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፍሩሽካ ከተልባ ጋር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ትጠጣ ነበር። በአራተኛው ቀን ቀሚሷ አልዘጋ አላት፤ እርሷም መድኃኒቱ አንሶ እንደሆነ በማሰብ ፍሩሽካውን ወደ ሦስት ማንኪያ አሳደገችው!

ያደረግነው ቀላል ነበር። ፍሩሽካውን ሙሉ በሙሉ አስቆምን፤ በቀን አንድ ዓይነት ጥራጥሬ ብቻ፣ ከተቀቀለ በኋላ ግማሽ ኩባያ የሚሆን (ምስር ከሆነ ወደ 8 ግራም ፋይበር አለው) አስቀረን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጀመረች፣ ሌላውንም ውኃ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ከፋፍላ ጠጣች። በሁለተኛው ሳምንት ተልባው ሁለት የሻይ ማንኪያ ሆነ፤ በሦስተኛው ሩብ ኩባያ ጥራጥሬ ተጨመረ። በሳምንት ከ5 ግራም ገደማ በላይ አለመጨመር ጥሩ ልክ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ቢያንስ 25 ግራም በቀን ላይ ለመድረስ ሳምንታት ቢወስድ ጉዳት የለውም።

ተልባን ሳይፈጩ የሚውጡ ሰዎች ፍሬው እንደገባ ሲወጣ ያዩታል፤ በደረቁ መቃም ደግሞ ጉሮሮ ላይ ሊያብጥ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ። ሽምብራና ባቄላ አሳድሮ መዘፍዘፊያውን መድፋት ጋዙን ይቀንሳል፤ ሽሮ ግን አስቀድሞ የተፈጨ በመሆኑ መቀነስ የሚቻለው መጠኑን ነው። «ፋይበር ያለበት» ተብለው የሚሸጡ ብስኩቶች ላይ ኢኑሊን የሚል የፋይበር ስም ካነበቡ፣ ሆድ በቀላሉ ከሚነፉት አንዱ ነውና ይተዉት።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለምክንያት ከቀነሰ፣ ወይም ሆድ ተነፍቶ ትውከት መጥቶ ጋዝም ካልወጣ፣ ፋይበር አይጨመርም፤ ሐኪም ቤት ይኬዳል።